ልጅ ሲያስቀምጠው ቤት ምን ይደረግ? የክሊኒክ የጤና ጽሑፍ አጻጻፍ ደረጃ በደረጃ

ክሊኒኩ «ስለ ተቅማጥ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲል ሥራው ቀላል ይመስላል። መረጃው ሞልቷል። የጤና ሚኒስቴር መመሪያ አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሰነድ አለ፣ ሐኪሞቹም ከጎን ናቸው። ጣጣው የሚመጣው መጻፍ ሲጀመር ነው። ሐኪሙ ደስ ብሎት የሚፈርምበት ጽሑፍ ለእናትየዋ አይገባትም። ለእናትየዋ የሚገባት ደግሞ ሐኪሙን ያሰጋዋል።

እዚህ አንድ ጽሑፍ ይዘን ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። ርዕሳችን የልጆች ተቅማጥና ኦአርኤስ ነው። ይህን የመረጥኩት ትክክለኛነትና ቅለት የሚጋጩበት ቦታ በግልጽ ስለሚታይበት ነው። የኦአርኤስ ዱቄት በትንሽ ውሃ ከተበጠበጠ ጨው ይበዛበትና ልጁን ይጎዳዋል። ውሃ ከበዛበት ደግሞ ከሰውነቱ የወጣውን አይተካለትም። ስለዚህ «ቀለል አድርገን እንጻፈው» ብለን ቁጥሩን መተው አንችልም።

1. ርዕሱን ወደ አንድ ሰውና ወደ አንድ ሌሊት አጥብቡት

«ተቅማጥ» በጣም ሰፊ ነው። አዋቂም ሕፃንም፣ ኮሌራም የምግብ መመረዝም ሁሉ ይገባበታል። አንድ አንባቢ ምረጡ። የእኛ አንባቢ የአሥር ወር ልጅ ያላት እናት ናት፤ ወይም አባት፣ ወይም አያት። ልጁ ከምሽት ጀምሮ እያስቀመጠው ነው። ሌሊት ነው፣ ስልኳን ይዛለች። ሁለት ጥያቄ አላት፦ ምን ልስጠው? አሁኑኑ ልውሰደው ወይስ እስኪነጋ ልጠብቅ? ጽሑፉ እነዚህን ሁለት ከመለሰ በቂ ነው።

ከመጻፋችሁ በፊት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት የሚታዩበት ክፍል ያለችውን ነርስና ፋርማሲ ያለውን ባለሙያ አነጋግሩ። «ሰዎች ምን ማወቅ አለባቸው?» ብላችሁ አትጠይቁ። እንዲህ ከጠየቃችሁ ሌክቸር ነው የሚሰጧችሁ። «እዚህ ከመምጣታቸው በፊት ቤት ምን አድርገው ይመጣሉ?» በሉ። መልሶቹ ሄዳችሁ ብትጠይቁ የማይደንቋችሁ፣ ካልጠየቃችሁ ግን የማታስቧቸው ናቸው፦ «ኦአርኤስ ሰጠሁት፣ ግን አላቆመለትም፤ ተውኩት።» «ጥርስ ሊያበቅል ነው ብለን ጠበቅን።» «ሲያስመልሰው ሆዱ ይረፍ ብዬ ምንም አልሰጠሁትም።» «ለስላሳ ሰጠሁት።»

የመጀመሪያዋን መልስ አስምሩባት። ኦአርኤስ ተቅማጥ አያቆምም። ሥራው የወጣውን ውሃና ጨው መተካት ነው። ተቅማጡ ለጥቂት ቀናት ሊቀጥል ይችላል፣ ልጁ ግን አይደክምም። ይህን ያልተነገራት እናት ሁለት ጊዜ ሰጥታ «አልሠራም» ብላ ታቆማለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። «ኦአርኤስ ለተቅማጥ ይሰጣል» ብቻ ብለን ከጻፍን ማንም ሰው ያስቆማል ብሎ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ጽሑፋችን የሚቆመው «ኦአርኤስ ተቅማጥ አያቆምም» በምትለው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

2. እውነታዎቹን በአንድ ወረቀት ላይ አውጡ

ገና ዓረፍተ ነገር አታሳምሩ። በግራ በኩል እያንዳንዱን ነጥብ፣ በቀኝ በኩል ከየትኛው መመሪያ፣ ከየትኛው ዓመት እትምና ከየትኛው ገጽ እንደወሰዳችሁት ጻፉ። ይህ ወረቀት ለአንባቢ አይታይም። በኋላ ሐኪሙ «ይህ ከየት መጣ?» ሲል ግን ክርክሩን በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ለእኛ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ኦአርኤስ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ ይሰጣል። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ልጁ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ተጠብቆ ቀስ ተብሎ ይቀጠላል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ጡትና ምግብ አይቋረጥም። ዚንክ ከ6 ወር በታች ለሆነ ልጅ በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 20 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ቶሎ የሚያስመጡ ምልክቶች አሉ። በቃ።

አሁን የሚቆረጠውን ቁረጡ። ይህ ለጻፈው ሰው ያማል፤ ብዙ አንብቧልና። የሮታቫይረስ ክትባት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ መሰጠቱ እውነት ነው፣ ጠቃሚም ነው፣ ግን ለዚያች ሌሊት አይጠቅማትም። የዱቄቱ ቅመም ስንት ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ ስንት ግራም ግሉኮስ እንደሆነም እንደዚያው። የሆድን ቆዳ ቆንጥጦ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመለስ ማየት ጥሩ የምርመራ ዘዴ ነው፣ ግን የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ተሞክሮ «ደህና ነው» ከተባለ አደጋ አለው። አውጡት።

አንድ የሚያከራክር ነገር ይነሳል፤ በቤት ውስጥ ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጦ መስጠት። «ፓኬት ከሌለስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አላስገባውም። የቤት ማንኪያ መጠን ይለያያል፣ «ሞልቶ» እና «ልክ» የሚባለውም ከሰው ሰው ይለያያል፣ ጨው ሲበዛ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ነው። በምትኩ መመሪያው የሚፈቅደውን እጽፋለሁ፦ ፓኬት እስኪገኝ ድረስ ጡት፣ ሾርባ፣ የሩዝ ውሃ፣ እርጎ በውሃ አቅጥኖ፣ ንጹህ ውሃ። እነዚህ ቢዛነፉም የሚያስከትሉት ጉዳት ትንሽ ነው። መረጃ ስትመርጡ ትክክል ሲደረግ ምን ያህል ይጠቅማል ከሚለው ጋር ሲሳሳቱበት ምን ይሆናል የሚለውንም አብራችሁ መዝኑ።

የቀን ብዛት ላይም ጥንቃቄ። ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚል ሰነድ ታገኛላችሁ፣ 10 ቀን የሚልም አለ። ሁለቱን አታስቀምጡ። ክሊኒኩ የሚሠራበትን አንዱን ጠይቃችሁ ያዙ። ጽሑፉ አንድ፣ ነርሷ ሌላ ካሉ እናትየዋ ሁለቱንም አታምንም።

3. ቅደም ተከተሉን በጥያቄው ልክ አድርጉ

የመጽሐፍ ቅደም ተከተል ትርጉም፣ መንስኤ፣ ምልክት፣ ሕክምና፣ መከላከያ ነው። ለዚያች ሌሊት ይህ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ «አሁኑኑ ይምጡ» የሚሉት ምልክቶች ይግቡ። ከዚያ ቤት የሚደረገው። መንስኤው ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

አንዳንድ ሐኪሞች የአደጋ ምልክት መጀመሪያ ሲሆን «ሰው ይደነግጣል» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የሚያስደነግጠው ረጅም ዝርዝር ነው። አምስት ስድስት ምልክት በአጭሩ ከተቀመጠ አንባቢዋ ልጇን አየት አድርጋ «የለበትም» ትልና ተረጋግታ ወደ ታች ትወርዳለች። በዚያ ላይ ሰው ስልክ ላይ ስክሪንሹት አንስቶ በቴሌግራም ለዘመዱ የሚልከው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው።

4. ዓረፍተ ነገሩን በግስ ቁጠሩ

የእንግሊዝኛ የንባብ ደረጃ መለኪያዎች ለአማርኛ አይሠሩም። እነሱ የሚቆጥሩት የቃላትና የክፍለ ቃላት ብዛት ነው። በአማርኛ «እስኪያስመልሰው» አንድ ቃል ነው፣ ውስጡ ግን ሙሉ ሐሳብ አለ። ቃል ብቻ ብትቆጥሩ ከባዱን ጽሑፍ ቀላል ነው ትላላችሁ። እኔ የምቆጥረው ግስ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ዋና ግስ፣ ቢበዛ አንድ ጥገኛ። ሦስት ከሆነ ይቆረጣል።

የተለመደውን የቢሮ አጻጻፍ እዩት፦

«ተቅማጥ በተደጋጋሚ የሚከሰት የሰገራ መቅጠን ሲሆን በሕፃናት ላይ የሰውነት ድርቀትን በማስከተል ለከፋ የጤና እክል ሊዳርግ ስለሚችል ተገቢው ፈሳሽን የመተካት ሕክምና በወቅቱ እንዲደረግ ይመከራል።»

ውሸት የለበትም። ግን ማን ምን ያድርግ? አይታወቅም። «ይመከራል» ባለቤት የለውም። «ድርቀት» የሚለው ደግሞ የባሰ ወጥመድ ነው፤ ብዙ ሰው ድርቀት ሲባል ሰገራ እምቢ ማለትን ነው የሚያስበው። ተቅማጥ ድርቀት ያመጣል ሲባል ግራ ይገባዋል። ስንበታትነው እንዲህ ይሆናል፦

«ልጅ ሲያስቀምጠው ከሰውነቱ ውሃና ጨው ይወጣል። ልጁን የሚያደክመው ይህ ነው። የወጣውን ለመተካት ኦአርኤስ ይስጡት።»

ረቂቃችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ «ሲሆን»፣ «በመሆኑም»፣ «እንዲሁም» እና «ከዚህም በተጨማሪ» የሚሉትን ፈልጉ። አብዛኞቹ አራት ነጥብ ሊቆም የሚገባባቸው ቦታዎች ናቸው። አራት ነጥብ አድርጉበትና ቀጥሉ።

አንባቢን አንቺ፣ አንተ ወይስ እርስዎ ማለት ይሻላል? ለክሊኒክ «ልጅዎ»፣ «ይስጡት» ጥሩ ነው። ያከብራል፣ ለእናትም ለአባትም ለአያትም ይሆናል። ጀምራችሁ መሃል ላይ ወደ «እናቶች መስጠት ይኖርባቸዋል» አትዙሩ። ልጁን ይዞ ያለው አባት ከሆነ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ያልፈዋል።

ቁጥሮቹ የበለጠ ሥራ አላቸው። «100 ሚሊ ሊትር» ትክክል ነው፣ ግን ማንም ቤት ሚሊ ሊትር የለውም። ወደ ብርጭቆ እንቀይረው ስንል ደግሞ የትኛው ብርጭቆ የሚለው ይመጣል። እዚህ ላይ ወንበራችሁ ላይ ሆናችሁ አትገምቱ። ሰፈራችሁ ያሉትን የሻይ ብርጭቆ፣ የውሃ ብርጭቆና የቡና ስኒ ይዛችሁ ፋርማሲ ሂዱ፣ በመለኪያ ለኩ። ስኒ ከስኒ ይለያያል። ከዚያ ሁለቱንም ጻፉ፦ ቁጥሩን ለሐኪሙና ለጠንቃቃው፣ ዕቃውን ለሌላው ሁሉ።

የውሃው መጠን ላይ ግን ግምት አይገባም። እዚህ አገር በብዛት የሚገኘው ፓኬት ለአንድ ሊትር የሚሆን ነው። አንድ ሊትር ማለት የታሸገ ውሃ አንድ ሊትር ጠርሙስ ነው፣ ወይም ሁለት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ። ቤት ያለው የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ብቻ ከሆነ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ሙሉውን ዱቄት በግማሽ ሊትር ይበጠብጣል፣ ጨው እጥፍ ይሆናል። ወይ ዱቄቱን በዓይን ግማሽ ያደርጋል፣ ግማሽ ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ «ሁለት ጊዜ ሞልተው በአንድ ንጹህ ጆግ ይገልብጡ፣ ሙሉውን ፓኬት ይጨምሩ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ውጭ አገር ለ200 ሚሊ ሊትር የሚሆኑ ትናንሽ ፓኬቶችም ይሸጣሉ። የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ አዲስ አበባ አይቀርም፤ ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም ዱባይም ይደርሳል። «መጀመሪያ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ያንብቡ» የምትል መስመር ሁሉንም ትጠብቃለች።

ሰዓትም እንዲሁ። «ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ» ከማለት «ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ከበጠበጡት፣ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት የተረፈውን ይድፉ» ብትሉ ማንም አይሳሳትም። ውጭ ላለ አንባቢ «ጠዋት» የምትለዋ ቃል አትቅር፤ የእኛ 2 ሰዓትና የእነሱ 2 ሰዓት ይምታታሉና።

5. ጥንቃቄውን በ«ከሆነ» ጻፉት፣ በ«ሊሆን ይችላል» አይደለም

ሐኪም ረቂቁን ሲያይ የመጀመሪያ እርማቱ «ሊ… ይችላል» መጨመር ነው። «ሊረዳ ይችላል»፣ «ሊያስፈልግ ይችላል»፣ «ሊሆን ይችላል»። ለራሱ ጥሩ መከላከያ ነው። አንባቢዋ ግን ከአምስት «ይችላል» በኋላ ምን ታድርግ?

እኔ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከሦስት አንዱ ውስጥ እከተዋለሁ። እርግጠኛ የሆንበትን በቀጥታ እንናገር፦ «ጡት ማጥባት አያቁሙ።» እዚህ ላይ «ይመከራል» ማለት ትክክለኝነት አይጨምርም፣ ድፍረት ብቻ ይቀንሳል። እንደ ሁኔታው የሚለያየውን በ«ከሆነ» እንጻፍ፦ «ሰገራው ደም ካለው አይጠብቁ፣ ያምጡት።» ሐኪም አይቶ ብቻ የሚወስነውን ደግሞ እኛ እንዳልወሰንን ከነምክንያቱ እንንገር።

አንቲባዮቲክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ለተቅማጥ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም» ብንል አጭር ነው፣ ግን ስህተት ነው፤ ደም ያለው ተቅማጥ ሊታዘዝለት ይችላል። «አንዳንድ ጊዜ ሊያስፈልግ ይችላል» ብንል ትክክል ነው፣ ግን ካለፈው የተረፈ ሽሮፕ ያለው ሰው ፈቃድ አድርጎ ይወስደዋል። መሃሉ ይህ ነው፦ «አብዛኛው የልጆች ተቅማጥ በአንቲባዮቲክ አይድንም። መቼ እንደሚያስፈልግ የሚለየው ሐኪም አይቶ ነው። ቤት የተረፈ መድኃኒት አይስጡት።» አንድ «ይችላል» የለበትም፣ ግን የተሳሳተ ነገር አልተናገረም።

ከመጠን በላይ መጠንቀቅም ጉዳት አለው። «ማንኛውም ተቅማጥ ሲያጋጥም ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ» ብሎ መጻፍ ለጸሐፊው እንቅልፍ ይሰጣል። አንባቢዋ ግን የታክሲ ገንዘብ የላትም፣ ሌሎች ልጆች ተኝተዋል። መሄድ ስላልቻለች ምንም ሳታደርግ ታድራለች። ቤት ውስጥ ኦአርኤስ መጀመር ይቻል ነበር። በየአንቀጹ «ሐኪምዎን ያማክሩ» መለጠፍም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም ቦታ ካለ ማንም አያየውም። አንድ ጊዜ፣ ምልክቶቹ ጋር፣ ከሰዓትና ከስልክ ቁጥር ጋር ይቀመጥ።

የ«ጥርስ ነው» ጉዳይስ? ርዕስ አድርጋችሁ «ተቅማጥ ከጥርስ ይመጣል የሚለው የተሳሳተ እምነት» ብላችሁ አትጻፉ። ሰው ርዕሱን አይቶ የሚያስታውሰው ተቅማጥና ጥርስ የሚሉትን ነው። ደግሞም አያትን መዝለፍ ነው፤ ስልኩን ይዛ የምታነበው እሷ ልትሆን ትችላለች። ያየችው ነገር ውሸት አይደለም። ጥርስ የሚወጣበት ዕድሜና ልጁ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከትበት፣ ምግብም የሚጀምርበት ዕድሜ አንድ ነው። ስለዚህ ከልማዱ ጋር ሳንጣላ ተግባሩን እንንገር፦ ጥርስ እያወጣም ቢሆን እንክብካቤው ያው ነው፣ ጥርስ ማስነቀል ግን አያድነውም፣ ያቆስለዋል።

6. ሲጠናቀቅ ይህን ይመስላል

> ልጅዎን እያስቀመጠው ነው? ቤት የሚያደርጉትና ወደ እኛ የሚመጡበት ጊዜ
>
> ከእነዚህ አንዱን ካዩ ሌሊትም ቢሆን አይጠብቁ፣ ያምጡት፦
> - ጡት ወይም ውሃ መጠጣት ካቃተው
> - የሰጡትን ሁሉ ካስመለሰ
> - ከተዝለፈለፈ፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ወይም ራሱን ስቶ ካንፈራገጠው
> - ዓይኑ ወይም እርግብግቢቱ ጎድጎድ ካለ
> - ሰገራው ደም ካለው
> - ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ
>
> መንገድ ላይም ከዋጠለት ጡት ወይም ኦአርኤስ በጥቂት በጥቂቱ ይስጡት። ትኩሳት ካመጣው ወይም እየባሰበት ከሄደ በዚያው ቀን ያምጡት። ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላውም ያምጡት።
>
> እነዚህ ከሌሉበት ቤት ይጀምሩ።
>
> ልጅ ሲያስቀምጠው ከሰውነቱ ውሃና ጨው ይወጣል። ልጁን የሚያደክመው ይህ ነው። ኦአርኤስ የወጣውን ይተካል። ኦአርኤስ ተቅማጡን አያቆምም። ተቅማጡ ቢቀጥልም መስጠትዎን አያቁሙ። ልጅዎ እየጠጣና ዓይኑን ገልጦ እያየዎት ከሆነ ኦአርኤሱ እየሠራ ነው።
>
> አበጣበጥ
> 1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
> 2. ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ያንብቡ። አንድ ሊትር ከሆነ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጆግ ያድርጉ። የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ካለዎት ሁለት ጊዜ ሞልተው ይገልብጡ።
> 3. ሙሉውን ፓኬት ይጨምሩ። አይከፋፍሉት። ስኳር፣ ጨው ወይም ለስላሳ አይጨምሩበት።
> 4. እስኪሟሟ ያማስሉት፣ ይክደኑት። ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ከበጠበጡት፣ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት የተረፈውን ይድፉ።
>
> አሰጣጥ
>
> ባስቀመጠው ቁጥር ይስጡት። ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 200 ሚሊ ሊትር ከሚይዝ ብርጭቆ ሩብ እስከ ግማሽ። ከ2 ዓመት በላይ ከሆነ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ። ለሕፃን በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ይስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይበልጥ ቀስ ብለው ይቀጥሉ።
>
> ጡት ከወትሮው አብዝተው ያጥቡት። ምግብ የጀመረ ከሆነ ምግብ አይከልክሉት። ለስላሳና ብዙ ስኳር ያለው ጭማቂ ተቅማጡን ያብሰዋል።
>
> ኦአርኤስ እስኪያገኙ ጡት፣ ሾርባ፣ የሩዝ ውሃ፣ የቀጠነ እርጎ ወይም ንጹህ ውሃ ይስጡት። ከ6 ወር በታች ሆኖ ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነ ጡቱን ደጋግመው ይስጡት፣ ኦአርኤስ ለማግኘትም ይቸኩሉ።
>
> ዚንክ ከክሊኒክ ከተሰጠዎት ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ቀን ይስጡት። ዚንክ ተቅማጡ ቶሎ እንዲተወው ይረዳል፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ወራትም እንዳይመለስበት ያግዘዋል።
>
> አብዛኛው የልጆች ተቅማጥ በአንቲባዮቲክ አይድንም። ቤት የተረፈ መድኃኒት ወይም ለአዋቂ የተሰጠ የተቅማጥ ማቆሚያ አይስጡት። ጥርስ እያወጣ ቢሆንም እንክብካቤው ያው ነው። ጥርስ ማስነቀል አያድነውም፣ ያቆስለዋል።

የዚንኩን ሚሊ ግራም እንዳላስገባሁ አይታችኋል። ሆን ብዬ ነው። ኦአርኤስ ሰው ራሱ ገዝቶ ይጀምረዋል፣ ስለዚህ መጠኑ መጻፍ አለበት። ዚንኩን ግን ግማሽ ፍሬ ይሁን ሙሉ፣ ስንት ቀን እንደሚሰጥም፣ ባለሙያው ዕድሜውን አይቶ ፓኬቱ ላይ ይጽፍለታል። ጽሑፉ የሚያስፈልገው በሦስተኛው ቀን «ተቅማጡ ቆሟል» ተብሎ እንዳይቋረጥ ነው።

7. ሁለት ዓይነት ሰው ያንብበው

መጀመሪያ ሐኪም ወይም የሕፃናት ነርስ። «አስተያየት ስጡኝ» አትበሉ፤ አጻጻፉን ማሳመር ይጀምራሉ፣ ያ «ሲሆን» ይመለሳል። ሁለት ጥያቄ ብቻ ስጧቸው፦ ውሸት የሆነ አለ? ሰው ቃል በቃል ቢፈጽመው ልጅ የሚጎዳበት አለ? እርማት ካላቸው የሚስተካከለውን ነጥብ ይንገሯችሁ፣ ዓረፍተ ነገሩን እናንተ ጻፉት።

ከዚያ ካርድ ክፍል ወረፋ ከሚጠብቁት ውስጥ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ሰዎች። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም «አዎ» ይላል፣ ይሉኝታ አለ። «ጎረቤትዎ ሌሊት ደውላ ልጄን እያስቀመጠው ነው ብትልዎ ምን ይሏታል?» በሉ። ሳያዩ ይንገሯችሁ። ከዚያ ባዶ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ፣ ጆግና አንድ ፓኬት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና «እስቲ ይበጥብጡልኝ» በሉ። እጃቸውን እዩ። ጠርሙሱን አንድ ጊዜ ብቻ ሞልተው ፓኬቱን ሊቀዱ ካነሱ፣ ሁለተኛው ነጥብ አልሠራም። አንብበው «ሊትር» የሚለውን ማለፋቸው ነው። ያኔ የጠርሙሱን ሥዕል ሁለት አድርጋችሁ አስገቡ። ሦስት ሰው በአንድ ቦታ ከተደናቀፈ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው፣ አራተኛ ሰው አትፈልጉ።

ማንበብ ለማይችል ሰው ልጁ ወይም ጎረቤቱ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ስለዚህ እናንተም ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ አራት ነጥብ አድርጉ። ቅንፍ ካለ አውጡት፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ቅንፍ አይሰማም።

መጨረሻ ላይ ከጽሑፉ ግርጌ ማን እንዳየው በሙያ ደረጃው፣ መቼ እንደታየና መቼ እንደገና እንደሚታይ አስቀምጡ። ቀኑን በዓመተ ምሕረት ጻፉት፣ ውጭ የሚነበብ ከሆነ እ.ኤ.አ.ም ጨምሩበት። መመሪያ ሲቀየር፣ ወይም ፋርማሲው የሌላ መጠን ፓኬት ማስገባት ሲጀምር፣ ቀኑ ባይደርስም ጽሑፉ ይታይ። ለዚህ ፋርማሲውን ቀድማችሁ «አዲስ ፓኬት ሲመጣ ንገሩኝ» ብላችሁ አስይዙት። የተስተካከለውን ስታወጡ አሮጌውን ከግድግዳውም ከቴሌግራሙም አንሱ። ቀድሞ ለተላከላቸውም አዲሱን ላኩና የተቀየረው ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ከላይ ጻፉበት።